ዱ ኖት ዲስተርብ በርቶ እያለ ጥሪ ሲመጣ ጨዋታው ለምን ይደርቃል?

ከዚራ_9 — ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ሰላም ድሬዎች። አንድ ነገር ሊያሳብደኝ ነው።

ትናንት ማታ የሰፈራችን የኢፉትቦል ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነበር። 2 ለ 1 እየመራሁ ነው፣ 83ኛው ደቂቃ ላይ ደርሰናል። ዱ ኖት ዲስተርብ ከጨዋታው በፊት በእጄ አብርቻለሁ፣ ምልክቷም ከላይ ቁጭ ብላለች። ድምፅ የለም። ንዝረት የለም። ከላይ የወረደ ነገርም የለም። ግን ተጫዋቾቼ ባሉበት ደረቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ እያልኩ ስጠብቅ ግንኙነት ተቋርጧል ብሎ አስወጣኝ፣ ሽንፈትም ተቆጠረብኝ።

ወጥቼ ሳይ ከእማዬ አንድ ያልተመለሰ ጥሪ አለ። ሰዓቱ ልክ ጨዋታው የደረቀበት ደቂቃ ነው። ታዲያ ይሄ ነገር የበራው ለምንድነው? የተሸነፍኩለት ልጅ እስከ ዛሬ እየሳቀብኝ ነው።

---

ሳቢያን_ቦይ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:52

አቦ ቀላል ነው እኮ። ዱ ኖት ዲስተርብ በትክክል ከተስተካከለ ምንም ጥሪ አይገባም። አንተ ጥሪውን አልዘጋኸውም ማለት ነው። Do not disturb ውስጥ ግባ፣ Calls የሚለውን None አድርገው። ከሥሩ Repeat callers የምትል አለች፣ እሷንም አጥፋት፤ እሷ ከበራች አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ከደወለ ሁለተኛው ጥሪ ይጮሃል። ከዚያ ጌም ሞድ አብራ። አለቀ።

---

ከዚራ_9 — ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ሁሉም None ነው፣ Repeat callersም ጠፍቷል። ደግሞ ስልኩ አልጮኸም እኮ። ያልኩት ጨዋታው ደረቀ ነው። ስልኬ ሁለት ሲም የሚወስድ ሳምሰንግ ነው። ጌም ቡስተሩም በርቷል።

---

የሁለት_ልጆች_አባት — ማክሰኞ፣ ማታ 4:20

እኔም ቤት ይሄው ችግር አለ። ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫወት ከታች በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ብቅ እያለ ይጮህበታል፣ እሱ ደግሞ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። ከሥራ ደክሜ ገብቼ ትንሽ ጋደም ልበል ስል። የት ነው የሚጠፋው?

---

አንቴና — ማክሰኞ፣ ማታ 4:48

አባቱ፣ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን አጭር ስለሆነ ልመልስልህ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ Settings፣ ከዚያ System፣ ከዚያ Notifications ግባ። Turn on do not disturb automatically የሚለውን ስትከፍተው When playing a game ታገኛለህ። እሱን ምልክት አድርግለት። የልጁን ጩኸት ግን አያጠፋም።

ከዚራ፣ አሁን ወዳንተ። ታይዋን አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ፣ ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ። ሳቢያን ያለህ ግማሹ ልክ ነው። ድምፁን በተመለከተ ልክ ነው። "ምንም ጥሪ አይገባም" ያለው ላይ ግን ተሳስቷል።

ዱ ኖት ዲስተርብ በሩን አይቆልፍም። ደወሉን ነው የሚነቅለው። እንግዳው መጥቶ በር ላይ ቆሟል፣ አንተ አልሰማኸውም እንጂ። ጥሪው ከአንቴናው ተነስቶ ስልክህ ድረስ ደርሷል፣ እናትህም ጆሮ ላይ እየጠራ ነው፣ ስልክህ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀብሎታል። ችግሩ ስልኩ ጥሪውን ለመቀበል ዳታውን ምን ያደርገዋል የሚለው ላይ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው፣ ስልክህ ወይም ሲምህ ጥሪን በ4ጂ ላይ መቀበል የማይችል ከሆነ፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር ከ4ጂ ወርዶ 3ጂ ወይም 2ጂ ላይ ይቀመጣል። 3ጂ ላይ ዳታው ይቀጥላል፣ ግን ሲወርድ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጣል፣ ከዚያም ይንቀራፈፋል። 2ጂ ላይ ከወረደ ዳታው ጥሪው እስኪያልቅ ቀጥ ይላል። ቪዲዮ እያየህ ቢሆን አስቀድሞ የተጫነ ስላለው አይታወቅህም። ጨዋታ ላይ ግን የሚጠራቀም ነገር የለም፣ እያንዳንዷ ሰከንድ ትታያለች።

ሁለተኛው፣ ዳታው በአንዱ ሲም ሆኖ ጥሪው በሌላው ከመጣ። አብዛኞቹ ሁለት ሲም የሚወስዱ ስልኮች ሁለት ቁጥር ቢኖራቸውም የሬዲዮ ክፍላቸው በአንድ ጊዜ ሁለቱን ማገልገል አይችልም። ሲም 1 ላይ ጥሪ ሲመጣ ሲም 2 ላይ ያለው ዳታ ይቆማል። እዚህ ድሬ ደግሞ የድሮ ቁጥሩን ለጥሪ፣ አዲሱን ለዳታ የያዘ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ነሐሴ 2014 ሁለተኛው ኦፕሬተር ሥራውን ከዚህ ከከተማችን ከጀመረ በኋላ።

ስለዚህ ሳትገምት ፈትሸው። ዱ ኖት ዲስተርቡን አብራ። ዳታ የሚበላ ነገር ክፈት፣ ጨዋታው ራሱ ይሆናል፣ ግን ውድድር አታድርገው። ከዚያ አንድ ሰው በእናትህ ቁጥር ይደውልልህ፣ አታንሳው፣ ከላይ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ብቻ እይ። 4G የነበረው የ3ጂው H ወይም የ2ጂው E ሆነ? ወይስ የዳታው ሲም ምልክት ራሱ ጠፋ? ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቁጥርህም ይደወልልህ። ውጤቱን ጻፍልኝ።

---

ባጃጅ_013 — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

ይሄን ነገር በመስማቴ ደስ አለኝ፣ ስልኬን ልለውጥ ነበር።

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ለገሀር ተራ ስጠብቅ ፍሪ ፋየር እጫወታለሁ፣ አንዳንዴ ተራው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነገር አያሠራም። ግን እኔ ጥሪ መዝጋት አልችልም፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ቋሚ ደንበኞች አሉኝ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት የማመጣላቸው። እነሱን ኮከብ አድርጌ Calls ላይ Starred contacts ብቻ አስገባሁ። ሌላው ሁሉ ዝም። ግን ሚስኮል የምታደርግ ጓደኛ አለችኝ፣ አንዴ ጠርታ ታቆማለች፣ ጨዋታዬም አብሮ ይቆማል። አሁን ገባኝ።

---

ከዚራ_9 — ረቡዕ፣ ማታ 1:30

አንቴና፣ ሞከርኩት።

ዳታዬ ሲም 2 ላይ ነው። እህቴ በእማዬ ስልክ ወደ ሲም 1 ደወለች። ስልኩ ዝም አለ፣ ግን የሲም 2 የዳታ ምልክት ጠፋ! 4G የሚለው ጽሑፍ ራሱ የለም። እስክትዘጋው ድረስ አልተመለሰም፣ ከዘጋችው በኋላም ሦስት አራት ሰከንድ ቆየ። ከዚያ ወደ ሲም 2 ደወለች፣ 4G የነበረው H+ ሆነ፣ ጨዋታው ተንቀራፈፈ እንጂ አልወጣም።

ሁለቱም ችግር አለብኝ ማለት ነው። ግን ያባረረኝ የመጀመሪያው ነው።

---

ሳቢያን_ቦይ — ረቡዕ፣ ማታ 1:44

እሺ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው ማለት ነው። ግን ጌም ሞድስ? ጌም ሞድ ጥሪውን ውድቅ ያደርጋል እንጂ ዝም አያሰኝም እኮ። የኔ ቴክኖ ላይ ጨዋታ ስከፍት ጥሪ ራሱ ይዘጋል።

---

አንቴና — ረቡዕ፣ ማታ 2:15

እዚህ ላይ ጥሩ ነገር አነሳህ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ዱ ኖት ዲስተርብ ጥሪውን ዝም ብሎ እንዲጠራ ይተወዋል፣ እናትህ እስክትሰለች ድረስ። ስለዚህ የዳታው መቆም ረጅም ነው። ጥሪ የሚዘጋ ጌም ሞድ ግን ጥሪው እንደደረሰ ይቆርጠዋል፣ መቆሙም ያጥራል። ግን ልብ በል፣ ጥሪው መጀመሪያ ስልኩ ጋ መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ምኑን ይዘጋዋል? ሬዲዮው ወደ ሌላው ሲም ሄዶ ይመለሳል። ያቺ መንገጫገጭ አትቀርም። ሌላው ችግር ደግሞ የደወለው ሰው "ተይዟል" ይሰማል፣ የኛ ሰው ተይዟል ሲሰማ ምን ያደርጋል? መልሶ ይደውላል። አንድ ረጅም መድረቅ በሦስት አጫጭር ትቀይረዋለህ።

ደግሞም ጌም ሞድ ሁሉ አንድ አይደለም። ሳምሰንግ ላይ አንዳንድ ሞዴሎች ጌም ቡስተር ውስጥ Priority mode የሚል አላቸው፣ እሱ ጥሪንም ይከለክላል። ሻኦሚ ላይ ጌም ተርቦ አለ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ጥሪን የሚመለከተው ምርጫ ስሙ ከሞዴል ሞዴል ይለያል፣ ጨዋታው ውስጥ ሆነህ ከጎን ጎትተህ የምታወጣው ሰሌዳ ላይ ፈልገው። በርቷል ብለህ አትመን፣ አንድ ሰው አስደውልና እይ።

---

ነጋሶ_እህት — ረቡዕ፣ ማታ 2:31

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ ግን ልግባ። አይፎን ነው የያዝኩት። ጌም ሞድ ራሱ በርቷል ብሎ ይነግረኛል፣ ግን የቴሌግራም ኖቲፊኬሽን ከላይ እየወረደ ልክ ልተኩስ ስል ጣቴ እሱ ላይ ያርፋል። ተበላሸብኝ እንዴ?

---

አንቴና — ረቡዕ፣ ማታ 2:50

አልተበላሸም የኔ እህት። የአይፎን ጌም ሞድ ስሙ ነው እንጂ ኖቲፊኬሽን አይከለክልም። ከጀርባ የሚሠራውን ይቀንሳል፣ የብሉቱዝ ማዳመጫና ጆይስቲክ እንዳይዘገይ ያደርጋል፣ በቃ። አንቺ የምትፈልጊው Focus ውስጥ ያለውን Gaming ነው። ከሰዎችም ከአፖችም ማንን እንደምታስገቢ ትመርጫለሽ። Allow Repeated Calls የሚለውን ግን እዪው፤ አይፎን ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ የደወለ ይገባል።

አንድሮይድ የያዛችሁም ብትሆኑ ድምፁን አጥፍታችሁ ከላይ የሚወርደው ባነር ካልጠፋ፣ ዱ ኖት ዲስተርብ ውስጥ Hide notifications የሚለውን ፈልጉ። ድምፅና ዕይታ ለየብቻ ነው የሚጠፉት። ኮርነር ልትመታ ስትል ኳሷ ላይ የሚወርደው ባነር ከዚያ ነው።

---

ለገሀሬ_ኪንግ — ረቡዕ፣ ማታ 3:05

ወንድሞቼ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኤርፕሌን ሞድ አድርግ፣ ዋይፋይ ክፈት፣ ተጫወት። እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው።

---

ከዚራ_9 — ረቡዕ፣ ማታ 3:08

ዋይፋይ ያለው አጎቴ ቤት ነው። እሱ ደግሞ የሚከፍትልህ ከመሸ ነው።

---

ለገሀሬ_ኪንግ — ረቡዕ፣ ማታ 3:10

ሃሃ፣ ፓስዎርዱን ስረቀው።

---

አንቴና — ረቡዕ፣ ማታ 3:37

ዋይፋይ ላለው ሰው የኪንግ መንገድ ከሁሉም ይሻላል፣ ሬዲዮው ራሱ ስለሚጠፋ። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ጥሪ ግን በዋይፋይ ይገባል፣ ስለዚህ ዱ ኖት ዲስተርቡም አብሮ ይብራ።

ከዚራ፣ አንተ በዳታ ስለሆነ እንዲህ አድርግ። ከጨዋታው በፊት Settings፣ Connections፣ SIM manager ግባና ሲም 1ን አጥፋው። አውጣው አላልኩም፣ እዚያው ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሲም 1 ከጠፋ እናትህ ስትደውል ጥሪው ስልክህ ጋ አይደርስም፣ ዳታህንም አይነካም። ሲም 2 ላይ የሚመጣው ጥሪ ይቀራል። ቁጥሩን ብዙ ሰው ካላወቀው ያን ያህል አያሳስብህም። ጥሪን በ4ጂ ላይ የሚያስገባው VoLTE የሚል ምርጫ እዚያው አካባቢ ካለ አብራው፤ ስልኩም ሲሙም ከደገፉት 4G ሳይወርድ ይቆያል።

ሌላ ነገር። አንዳንድ ስልክ ላይ ጥሪ ሲመጣ ዳታውን ጥሪው ወዳለበት ሲም የሚያዞር ምርጫ አለ። ለቪዲዮ ጥሩ ነው። ለጨዋታ አታብራው፣ ሲሙ ሲቀየር አድራሻህ ስለሚቀየር ሰርቨሩ እንደ አዲስ ሰው ነው የሚያይህ።

---

ገንደቆሬ_7 — ሐሙስ፣ ጠዋት 4:12

ለመጨመር ያህል፣ LTE only የሚባል ነገር አለ። ስልኩን 4ጂ ላይ ብቻ ትቆልፈዋለህ፣ ወደ 3ጂ መውረድ አይችልም፣ VoLTE ከሌለ ጥሪም አይገባም። አንዳንድ ስልክ ላይ በዚህ ይከፈታል፦

```
*#*#4636#*#*
```

እኔ ሬድሚ ላይ ነው የምጠቀመው። ሳምሰንግ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አንዴ ግን ማታ ከጨዋታ በኋላ መመለሱን ረስቼ ተኛሁ፣ ጠዋት አለቃዬ አምስቴ ደውሎ "ስልክህ ለምን ዝግ ነው" ብሎ ተቆጥቶ ጠበቀኝ።

---

ከዚራ_9 — ዓርብ፣ ማታ 4:20

ሲም 1ን አጥፍቼ ሁለት ሙሉ ጨዋታ አደረግሁ። አንድም ጊዜ አልደረቀም። እህቴ ሆን ብላ ስምንቴ ደውላለች።

ግን አዲስ ችግር መጣ። እማዬ ስትደውል ጥሪው አይገኝም ስላላት ደነገጠች። ጎረቤታችን ጋ ደወለች፣ ጎረቤታችን ልጁን ላከ፣ ልጁ መጥቶ በሩን ሲደበድብ እኔ ፍጹም ቅጣት ምት ልመታ ነበር። አቦ፣ ዱ ኖት ዲስተርብ ለበር የለውም?

---

ባጃጅ_013 — ዓርብ፣ ማታ 4:26

ሞትኩ ሃሃሃ። ሳተው?

---

ከዚራ_9 — ዓርብ፣ ማታ 4:27

ወደ ሰማይ።

---

አንቴና — ዓርብ፣ ማታ 4:55

የጥሪ ማስተላለፊያ ተጠቀም። ግን `**21*` የሚለውን አይደለም፣ እሱ ሁሉንም ጥሪ ሁልጊዜ ያስተላልፋል፣ ማጥፋቱን ከረሳህ ሳምንቱን ሙሉ ጥሪህ እህትህ ጋ ነው የሚሄደው። አንተ የምትፈልገው ስልኩ ሳይገኝ ሲቀር ብቻ የሚሠራውን ነው። ሲም 1 በርቶ እያለ፣ ከሲም 1 ይሄን ደውል፣ በቁጥሩ ቦታ የእህትህን አስገባ፦

```
**62*09XXXXXXXX#
```

መግባቱን ለማየት `*#62#`፣ ለማጥፋት `##62#`። አንዴ ካስገባኸው ይቆያል። ሲም 1 ሲበራ ጥሪው ወደ አንተ ይመጣል፣ ስታጠፋው ወደ እህትህ ይሄዳል። እናትህ ስትደውል እህትህ አንስታ "እየተጫወተ ነው" ትላታለች።

ሁለት ነገር አትርሳ። ወደ እህትህ የሚዞረው ጥሪ ብዙ ጊዜ ከአንተ ሂሳብ ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚህ ሲም 1 ላይ ካርድ ይኑርህ። ደግሞ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣልህ በሲም 1 ከሆነ፣ መልእክት አይተላለፍም፣ ሲሙ እስኪበራ ይጠብቃል።

---

ባጃጅ_013 — ዓርብ፣ ማታ 5:02

እኔስ? እኔ ሲሙን ማጥፋት አልችልም። ደንበኛው ሲደውል መስማት አለብኝ።

---

አንቴና — ዓርብ፣ ማታ 5:11

ላንተ መንገዱ ዳታውንና የደንበኛ ጥሪውን አንድ ሲም ላይ ማድረግና VoLTE ማብራት ነው፣ ስልክህ ከቻለ። ካልቻለ እውነቱን ልንገርህ፣ በተራ ሰዓት ኦንላይን ውድድር አትጫወት። ሌላ ትንሽ ስልክ ለጥሪ ብትይዝም ይሆናል፣ አሮጌ በቁልፍ የሚሠራ ይበቃል።

---

ነጋሶ_እህት — ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:30

የGaming ፎከሱ ሠራልኝ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ጥቅል ሲያልቅ ስክሪኑ መሀል ላይ የሚመጣው ነጭ ሳጥን አለ አይደል? እሺ እስክትዪው የማይሄደው። እሱ ፎከስ በርቶም ይመጣል።

---

ገንደቆሬ_7 — ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:41

ሲም ቱልኪት የሚለውን አፕ ኖቲፊኬሽኑን አጥፊው፣ እኔ ጋ ጠፍቷል።

---

አንቴና — ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:05

እሷ አይፎን ነው የያዘችው፣ እዚያ እንደዛ አይጠፋም። አንድሮይድ ላይም ሁልጊዜ አይሠራም። ሳጥኑ ከሲሙ ከመጣ አንተ ያልከው ሊይዝ ይችላል፣ ከኔትወርኩ በቀጥታ የተላከ ከሆነ ግን ለስልኩ ኖቲፊኬሽን አይደለም፣ ስለዚህ ዱ ኖት ዲስተርብም አይነካውም። እስካሁን ለሁሉም ስልክ የሚሆን መፍትሔ አላገኘሁም። ሲመጣ ስክሪኑን ፎቶ አንሺና ለጥፊው፣ ከየት እንደመጣ ከጽሑፉ ሊታወቅ ይችላል። እስከዚያ ከውድድር በፊት ጥቅልሽ ስንት እንደቀረ እዪ።

---

ከዚራ_9 — እሑድ፣ ማታ 3:15

የ62ቱ ኮድ ገባ። ዛሬ ከዚያ ልጅ ጋ የመልስ ጨዋታ አደረግን። በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ እማዬ ደውላ ነበር፣ እህቴ አንስታ እራት ስለመቅረቡ 10 ደቂቃ አወሩ፣ እኔ ምንም አልተሰማኝም። ከእኔ ካርድ ግን 10 ደቂቃ ተበልቷል። እህቴን በቅርቡ ኮከብ ውስጥ አላስገባትም።

ልጁ ደግሞ በ71ኛው ደቂቃ ደረቀብኝ። ጠብቄው ነበር፣ ግን አልተመለሰም። አሁን ሲም 1 ምን እንደሆነ እየጠየቀኝ ነው፣ ሊንኩን ልስጠው ወይስ እስከ ሚቀጥለው ውድድር ይጠብቅ?